የሩጫ ሰዓትን ወደ አማካይ ፍጥነት እንዴት መቀየር ይቻላል?

ውድድር ጨርሳችሁ ውጤቱን ስታዩ የምታገኙት ሰዓት ነው። ፍጥነቱን በኪሎሜትር በሰዓት ማወቅ ከፈለጋችሁ ርቀቱን ለፈጀባችሁ ጊዜ ማካፈል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ግማሽ ማራቶን በ1:52:30 ጨረሳችሁ እንበል። ርቀቱ 21.0975 ኪሎሜትር ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ሁለቱን ነጥብ በአንድ ነጥብ ተክቶ 1.523 ብሎ ካልኩሌተር ላይ መጻፍ ነው። በዚያ ሲካፈል 13.85 ይወጣል። ደስ የሚል ቁጥር ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ሰዓት በ60 ነው የሚከፈለው፣ በ100 አይደለም። 30 ደቂቃ ማለት 0.30 ሰዓት ሳይሆን 0.5 ሰዓት ነው።

እኔ የምመርጠው መንገድ ሁሉንም ወደ ሰከንድ መቀየር ነው፤ ለስህተት ቦታ አይተውም። መጀመሪያ ሰዓቱን በ3600 አባዙ፦ 1 ሰዓት 3600 ሰከንድ። ቀጥሎ ደቂቃውን በ60፦ 52 ደቂቃ 3120 ሰከንድ። የቀረውን 30 ሰከንድ ስትደምሩበት 6750 ይሆናል። አሁን ርቀቱን በ3600 አባዙና ለዚህ አካፍሉ፦

```
21.0975 × 3600 = 75951
75951 ÷ 6750 = 11.252
```

አማካይ ፍጥነታችሁ በሰዓት 11.25 ኪሎሜትር ገደማ ነው።

መልሱ ልክ መሆኑን በጭንቅላታችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። ግማሽ ማራቶንን በ2 ሰዓት የጨረሰ ሰው 10.5 አካባቢ ነው የሚሮጠው። በ1:45 የጨረሰ ደግሞ 12 አካባቢ። 1:52:30 በሁለቱ መሃል ስለሆነ መልሱም መሃል ላይ መውደቅ አለበት። 13.85 ከዚህ ወሰን ውጭ ስለሆነ ወዲያው ያስታውቃል።

የእጅ ሰዓታችሁ 21.3 ኪሎሜትር ሊያሳያችሁ ይችላል። በእሱ ካሰላችሁ ፍጥነቱ ወደ 11.36 ከፍ ይላል። የውድድር መንገድ የሚለካው ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭሩ መስመር ነው፤ በኩርባ ላይ ወደ ውጭ የወጣ ወይም ሰው ለማለፍ የተጠማዘዘ ከዚያ በላይ ይሮጣል። የጂፒኤስ ስህተትም አለበት። ከሌላ ሰው ወይም ካለፈው ውድድራችሁ ጋር ለማነጻጸር ከሆነ ይፋዊውን ርቀት ያዙ።

የትኛውን ሰዓት እንደወሰዳችሁም እዩ። ከኋላ ተሰልፋችሁ የመነሻውን መስመር ለማለፍ 2 ደቂቃ ከፈጀባችሁ፣ ከተኩሱ ጀምሮ የተቆጠረው ሰዓት 1:54:30 ይላል። በዚያ ስታሰሉ 11.06 ብቻ ይወጣል። እግራችሁ የሮጠበትን ፍጥነት የሚነግራችሁ ግን መስመሩን ካለፋችሁበት ቅጽበት የሚቆጥረው የቺፕ ሰዓት ነው።