ሹሩባ ቤት ውስጥ እየሠሩ ደንበኛ ማቆየት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤቴ ሹሩባ መሥራት ስጀምር መስታወቱና ወንበሩ ነበር ያስጨነቀኝ። እነሱ ቀላል ናቸው። ወንበሩን ብርሃን ወደሚገባበት በር አስጠጉት፤ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ጫፉ ሹል የሆነ ማበጠሪያ፣ ሰፋፊ ጥርስ ያለው ሚዶና ቅባት ካላችሁ ይበቃል።

ደንበኛዋ ፀጉሯን በዋዜማው ታጥባ፣ በደንብ አድርቃ ትምጣ። በእኛ አገር ብርድ ጠዋት የታጠበ ፀጉር ቶሎ አይደርቅም። እርጥቡን ከሠራችሁት ሲደርቅ እየተሰበሰበ ሥሩን ይጎትታል።

አሁን ወደ ግንባር እንምጣ። ደንበኛ የሚቀረውም የሚመላለሰውም እዚህ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ለጥምቀት አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሠራሁ። እንዲቆይላት ብዬ ከሥሩ ጀምሬ አጠበቅሁት፤ ዊጉንም እዚያው ከሥር ጨመርኩበት። ማታ እናቷ ደውላ «ልጅቷ ራሴን አለች፣ መተኛት አቃታት» ስትለኝ «ነገ ይላላል» አልኳት። ሹሩባው ሲፈታ ጆሮ ግንዷ አካባቢ ፀጉሩ ሳስቶ ነበር። እናትየው አልተመለሰችም፤ ሁለት እህቶቿም ቀሩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የግንባሩን ስስ ፀጉር ለብቻው አልይዘውም፤ ከኋላው ካለው ጋር አንድ ላይ ወፈር አድርጌ እይዘዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጉንጉኖች ለቀቅ አድርጌ እጀምርና ከዚያ ነው የማጠብቀው። ዊግ የሚጨመርም ከሆነ ከሦስተኛው በኋላ፣ ትንሽ ትንሹን ነው። አንድ መስመር ስጨርስ «ቅንድብሽን አንሺ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» እላለሁ። ቆዳው ከተሳበ፣ ወይም ሥሩ ላይ ነጫጭ እብጠት ከታየ ያንን መስመር እፈታለሁ። ማስታገሻ ውጠሽ ቻይው የሚሉ አሉ፤ እኔ በፍጹም አልመክርም። ፀጉሩ ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ከተጎተተ ሥሩ ሊሞት ይችላል፣ ከዚያ በኋላ አይበቅልም። ቆረቆር ያለባትን ደግሞ መጀመሪያ ታክማ ትምጣ፤ በዚያው ማበጠሪያ ለሌላዋ ይተላለፋል።

ለደንበኞቼ ደብተር አለኝ። ስም፣ የተሠራችበት ቀን፣ ግንባሯ ስስ መሆኑን እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት ሲሞላ «መፍቻው ደርሷል» ብዬ እደውላለሁ። ከምታስቡት በላይ ሰው ይመለሳል።

ጥር ሰርግና ጥምቀት ስላለበት ፋታ የለም። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ስለማይኖር ቀኑ ጭር ይላል። በዚህ ጊዜ ዋጋ አትቀንሱ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ ድሮው ዋጋ መመለስ ያስቸግራል። እኔ ከጥር ገቢዬ ከአምስት ብር አንዱን ለሁዳዴ አስቀምጣለሁ። በባዶው ቀን የቆየ ሹሩባ በትንሽ ክፍያ እፈታለሁ። ስፈታ ግንባሩን አያለሁ፤ የሳሳ ካለ ለፋሲካ ምን እንደምሠራላት ያኔውኑ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ።