ፕሮፎርማ በኢሜይል ስትልኩ «ለ15 ቀን የሚጸና» አትበሉ

15 ቀኑ ከመቼ ይቆጠራል? እናንተ ከላካችሁበት ቀን ትቆጥራላችሁ። ደንበኛው ግን ኢሜይሉን ከከፈተበት ቀን ሊቆጥር ይችላል። ባሕር ዳር ላይ የበርና መስኮት ሥራ ይዤ ይኼው ገጥሞኛል። ጣና ዳር የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ደንበኛ ኢሜይሉን ያየው በ9ኛው ቀን ነበር። «እሺ» ሲለኝ ብረቱ ጨምሯል፤ እሱ ግን ጊዜው ገና ነው አለኝ።

አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«ይህ ዋጋ የሚጸናው 50 በመቶ ቅድመ ክፍያው እስከ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11፡00 ሰዓት ድረስ ሒሳባችን ውስጥ ከገባ ነው። ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል። የማስረከቢያው 20 የሥራ ቀን የሚቆጠረው ቅድመ ክፍያው ከገባበት ማግስት ጀምሮ ነው። ቀሪው 50 በመቶ ርክክብ በተፈረመ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈላል።»

ቀኑ ከነስሙ ስለተጻፈ የሚቆጠር ነገር የለም። የስልክ «እሺ» ሳይሆን የገባ ብር ዋጋውን ይይዛል፤ በዚያ ብር ብረቱን ያኔውኑ ትገዛላችሁ። «ቀሪው ሥራው ሲያልቅ» ካላችሁ ደግሞ አለቀ አላለቀም ክርክር ይመጣል። ፊርማ ግን ቀን አለው።

ይህን አንቀጽ አባሪው ላይ ብቻ ሳይሆን ኢሜይሉ ላይም ድገሙት። ደንበኛው ወደ ሒሳብ ክፍል ሲያስተላልፈው አብሮ ይሄዳል። ደንበኛው የውጭ ድርጅት ከሆነ የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን ጻፉ።

ለመንግሥት ጨረታ ግን አትጠቀሙበት። እዚያ የዋጋው መጽኛ ጊዜና አከፋፈሉ በጨረታ ሰነዱ ላይ ተወስኗል፤ የራሳችሁን ቅድመ ሁኔታ ከጨመራችሁ ውድቅ ልትደረጉ ትችላላችሁ።