ለፈረንሳይ አቅራቢ የእምቢታ ደብዳቤ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የቡና ማበጠሪያ ያለው ድርጅት የቀለም መለያ ማሽኑን፣ እኛ በተለምዶ ሶርተር የምንለውን፣ ከፈረንሳይ ካስመጣ ከአቅራቢው ጋር ያለው ግንኙነት በርክክቡ ቀን አያበቃም። ጉድለት ያለበትን ፍሬ በአየር ግፊት የሚያስወግዱት ትንንሽ ቫልቮች ሲያልቁ መለወጫው የሚመጣው ከዚያው ሰው ነው። ስለዚህ አቅራቢው የማንፈልገውን ነገር ሲያቀርብልን አይሆንም ማለት ይኖርብናል፤ በሚቀጥለው ወር ቫልቭ የምናዝዘውም ከእሱ ስለሆነ ግን ልናስቀይመው አንችልም። በማበጠሪያው የውጭ ደብዳቤዎችን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አብዛኞቹን ስህተቶች ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ምሳሌዬ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ አቅራቢው መጋቢት 3 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር በማርች 12፣ የላከልን የዓመት የጥገና ውል ሐሳብ።

የአማርኛውን ለስላሳ እምቢታ ቃል በቃል መመለስ

በእኛ ዘንድ «እስቲ እናያለን»፣ «ተነጋግረን እንመለስበታለን» ማለት ብዙ ጊዜ ጨዋ እምቢታ ነው፤ ሰሚውም ይገባዋልና ጉዳዩን ደግሞ አያነሳውም። ያው አባባል ወደ ፈረንሳይኛ ሲገባ ግን እምቢታነቱ ይጠፋና ቀጠሮ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን መልስ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦

```
Nous reviendrons vers vous après la récolte.
```

ለእኔ «ከለቀማው በኋላ እንመለስበታለን» ማለት ነበር፤ ነገሩ ተረስቶ ይቀራል የሚል ተስፋም ነበረኝ። አቅራቢው ግን ቃል እንደገባንለት ቆጥሮ ለቀማው ያበቃል ብሎ ባሰበበት ሳምንት የቴክኒሻኑን የጉዞ ቀን አቅርቦ ለቪዛ የሚሆን የጥሪ ደብዳቤ ጠየቀን። ያን ጊዜ አይሆንም ማለት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ እጅግ ከባድ ሆነ፤ ሰውየው በእኛ ቃል ተመርቶ የሠራተኛውን ጊዜ ይዞልን ነበርና። «ፑር ለ ሞማን»፣ ማለትም «ለጊዜው»፣ የሚለውም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። በእርግጥ ወደፊት የሚታሰብ ነገር ካለ ይጻፍ፤ ከሌለ ግን ሻጩ በማስታወሻው ላይ የሚቀጥለውን ጥሪ ቀን እንዲጽፍ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

እንግሊዝኛን ተሻግረው ፈረንሳይኛ የሚጽፉ ሰዎች የሚወድቁበት አንድ ቃልም አለ። «ኤቫንቱኤልማን» እንግሊዝኛውን ስለሚመስል «ውሎ አድሮ» የሚል ትርጉም ያለው ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «ምናልባት» ነው።

በእምቢታው ግሥ ላይ ትሕትና መጨመር

ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው ቶሎ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ «ይችላሉ?» ብሎ ለመጠየቅ «ፑቬ ቩ» ከማለት «ፑሪዬ ቩ» ማለት የበለጠ ጨዋነት እንዳለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን ስንጠይቅ ነው። ያንኑ የግሥ ቅርጽ ወደ እምቢታ ስንወስደው ትርጉሙ ይላላል። እነዚህን ሁለቱን ያነጻጽሩ፦

```
Nous ne pourrions pas accepter votre proposition.
Nous ne pouvons pas accepter votre proposition.
```

የመጀመሪያው ለአንባቢው «ሁኔታው እንዲህ ከሆነ መቀበል ይከብደን ነበር» የሚል ነገር ስለሚሰማው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ታዲያ ሁኔታው ምን ቢሆን ይሻላችኋል?» ብሎ ነው። ሁለተኛው አሁን ያለውን ውሳኔ ይናገራል። ልዩነቱ በግሡ መካከል ያሉ ጥቂት ፊደላት ብቻ ስለሆነ በችኮላ ሲጻፍ በቀላሉ ይሳሳታል፤ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ከሁሉ አስቀድሜ የማየውም ይህንኑ ግሥ ነው።

ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም ስህተት ነው። «ዠ ረፉዝ»፣ «እምቢ እላለሁ»፣ ሰዋስው ባይጎድለውም በንግድ ደብዳቤ ላይ በር እንደ መዝጋት ይሰማል። «ኑ ነ ሶሪዮን» የሚለው ደግሞ ቅርጹ የትሕትና ቢመስልም «ከቶ አንችልም» የሚል ክብደት ስላለው ለተራ የጥገና ውል ይበዛበታል። የንግድ ፈረንሳይኛ ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ አነጋገር አለው፦

```
Après examen, nous ne pouvons pas donner
une suite favorable à votre proposition.
```

«ከመረመርነው በኋላ ለሐሳብዎ አዎንታዊ ምላሽ መስጠት አንችልም» እንደ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሥራውን የሚሠራው «ፋቮራብል» የሚለው ቃል ነው። እሱ ከነ«ዩን» ቢወጣ ዐረፍተ ነገሩ አሁንም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩን አንስቶ ወደ ጎን እንደ መጣል ይደርቃል። ቃሉ ሲኖር ግሡ እንደ ጸና ሆኖ አነጋገሩ ይለሰልሳል። ትሕትናው የሚገባውም እዚህ፣ በግሡ ዙሪያ እንጂ ግሡ ላይ አይደለም።

ምክንያት መደርደር

ይህ ከሁሉም ይልቅ ያስቸገረኝ ነው። እኛ ሰው ሳንቀበል ስንቀር ምክንያቱን ማብዛት አክብሮት ይመስለናል፤ አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ማንጓጠጥ ይሆንብናል። በሁለተኛው ደብዳቤዬ ለአቅራቢው አራት ምክንያት ሰጠሁት፦ የውጭ ምንዛሪ በባንክ በኩል ቶሎ አይገኝም፣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ መብራት ስለሚቆራረጥ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ይቆማል፣ ደግሞም የምንሠራው በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሁሉም እውነት ነበሩ። መልሱ በሁለት ቀን ውስጥ መጣ፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት አንድ አንድ መፍትሔ ነበረው። ክፍያው በየሩብ ዓመቱ ይከፋፈል፣ ዋጋው ይቀነስ፣ ለመብራቱ ማረጋጊያ ይገጠም፣ ውሉም ለወቅቱ ብቻ ይሁን። ሻጭ ሥራው ነውና አልፈርድበትም፤ እኔ የመሰለኝ ይቅርታ ስጠይቅ ነው፣ እሱ ያነበበው ግን የመደራደሪያ ዝርዝር ነበር።

ከዚያ የባሰው ዋጋ ጠቅሶ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ነው። «በዚህን ያህል ብትቀንሱልን ኖሮ» ብሎ መጻፍ በአማርኛ የጸጸት አነጋገር ሊሆን ይችላል። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1118 ግን ከቀረበው ሐሳብ ጋር የማይስማማ መልስ እንደ አዲስ ሐሳብ ሊቆጠር ይችላል እንጂ መቀበል አይሆንም፤ ስለዚህ ያች ዐረፍተ ነገር ነገሩን በመዝጋት ፈንታ ድርድሩን እንደ አዲስ ትከፍተዋለች።

የሚሻለው አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ነው፤ እሱም ወደፊት ሊለወጥ የሚችል ችግር ሳይሆን አስቀድሞ የተወሰነ ነገር መሆን አለበት። ችግር ሲነገር መፍትሔ ይፈለግለታል፤ የተወሰነ ነገር ግን ይመዘገባል። እኛ ዘንድ እውነተኛው ምክንያት ያን ጊዜም ነበር፤ የማበጠሪያው ልጅ ሶርተሩን ማጽዳትና ቫልቭ መቀየር ተምሮ ጥገናውን ይዞት ነበር። ይህን ለመጻፍ ያፈርኩት የእነሱን ቴክኒሻን ያቃለልኩ ስለመሰለኝ ነው። በመጨረሻ የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር፦

```
L'entretien de la machine est désormais assuré
par notre propre technicien.
```

«የማሽኑን ጥገና ከእንግዲህ የሚያከናውነው የራሳችን ቴክኒሻን ነው።» «ዴዞርሜ»፣ «ከእንግዲህ»፣ የምትለው ቃል ነገሩ እንደተጠናቀቀ ትናገራለች። ስለ ዋጋውም ሆነ ስለ ሥራቸው ጥራት አንድም ቃል የለበትም፤ ስለዚህ የሚከራከሩበት ነገር አያገኙም፣ የሚቀየሙበትም እንደዚሁ።

የተቀበልነውንና ያልተቀበልነውን አለመለየት

እምቢታው የት እንደሚያበቃ ካልተጻፈ ሻጩ ደንበኛ የጠፋበት ይመስለዋል። ብዙ ሰው ይህን «ወደፊትም አብረን እንደምንሠራ ተስፋ እናደርጋለን» በሚል ጠቅላላ አባባል ይሸፍነዋል፤ ሻጭ ግን ይህን ዐረፍተ ነገር ከሚያጣቸው ደንበኞች ሁሉ ስለሚያገኘው አያምነውም። ግንኙነቱን የሚያቆየው ተጨባጭ ነገር ነው፦

```
Cette décision ne concerne que le contrat de maintenance.
Vous recevrez notre commande d'électrovannes
avant la fin du mois.
```

«ይህ ውሳኔ የሚመለከተው የጥገናውን ውል ብቻ ነው፤ የቫልቭ ትእዛዛችን ወሩ ሳያልቅ ይደርስዎታል።» እርግጥ ነው፣ ትእዛዙ በቀኑ መድረስ አለበት፤ የሌለ ትእዛዝ ከመጻፍ ምንም አለመጻፍ ይሻላል።

ዝም ማለት

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን እዳ ሊያመጣ ይችላል። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1120 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል፤ ነገር ግን ሕግ፣ ልማድ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የንግድ ግንኙነት ወይም ልዩ ሁኔታ ሌላ ትርጉም የሚሰጠው ከሆነ ደንቡ አይሠራም። ለዓመታት ትእዛዝ ስንልክለት የኖርን አቅራቢ ዝምታችንን እንዴት ሊያነበው እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል። (በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀውም ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ስለሆነ ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም።) በቀረበልን ውል ውስጥ «ታሲት ረኮንዲክሲዮን» የሚል አንቀጽ ካለ ደግሞ፣ አንዴ ከተፈረመ በኋላ ውሉን በጊዜው የማይፈልግ መሆኑን ያልጻፈ ወገን ውሉ በራሱ ይታደስበታል። በእኛም ላይ የመጣው ሐሳብ ይህ አንቀጽ ነበረው፤ ያየሁት በሦስተኛው ንባብ ነው።

በመጨረሻው ሰላምታ ላይ ድንገት መራቅ

ከዚህ ሰው ጋር ስንጻጻፍ የቆየነው በ«ሼር ምስዩ»፣ «ውድ ጌታዬ»፣ ጀምረን በ«ቢያን ኮርዲያልማን» እየዘጋን ከሆነ የእምቢታውም ደብዳቤ በዚያው ይጀመር፣ በዚያው ይዘጋ። ነገሩ ከባድ ነው ብለን ረጅሙን የክብር መዝጊያ ስናመጣ አክብሮት የጨመርን ይመስለናል፤ ተቀባዩ ግን የሚያየው ወዳጅነቱ እንደቀረ ነው። ረጅሙ መዝጊያ ለማናውቀው ሰው ወይም በፖስታ ለሚላክ ደብዳቤ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜም በመክፈቻው የተጠቀምንበት አጠራር በመዝጊያው ሳይለወጥ ይደገማል።

አቅራቢው በማግስቱ የመለሰልኝ ሁለት ቃል ነበር፦

```
Bien noté.
```

ከሥሩ የቫልቮቹ አዲስ የዋጋ ዝርዝር ተያይዟል። እኔ በአማርኛ ልማዴ መልሱ አጥሮብኝ ተቀይሞ ይሆናል ብዬ የይቅርታ ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ «ቢያን ኖቴ» ግን «ተረድቻለሁ፣ መዝግቤዋለሁ» ማለት ብቻ ነው፣ ቅሬታ የለበትም። ይቅርታው ቢላክ ኖሮ የተዘጋው የጥገና ውል እንደገና ይነሳ ነበር። ረቂቁን ሰርዤ የቫልቮቹን ብዛት ሞልቼ ላክሁ።