በቴሌግራም የመጣን የሠንጠረዥ ስክሪንሾት ወደ ማርክዳውን እንዴት እንመልሰዋለን?

ደብረ ማርቆስ ሆኜ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የእህል መጋዘን መመዝገቢያ ፕሮግራም ሰነድ ስጽፍ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ የኤክሴል ሠንጠረዡን በስልክ ስክሪንሾት አንስተው በቴሌግራም ላኩልኝ። ምስሉን እንዳለ `README.md` ውስጥ መለጠፍ ይቻል ነበር። ግን በምስል ውስጥ ያለ ቁጥር አይፈለግም፣ አይታረምም፤ በሚቀጥለው ወር አንድ ቁጥር ቢለወጥ ማን የቱን እንደለወጠ አይታይም። ስለዚህ በጽሑፍ መልሼ ሠራሁት። ከዚህ በታች የማሳየው ያንን አሠራር ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ለምሳሌ ያዘጋጀኋቸው ናቸው።

መጀመሪያ ምስሉን አጥሩት

ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል። በዚያ ላይ 3 እና 8፣ 1 እና 7 ይመሳሰላሉ። ላኪው ምስሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክ ጠይቁ። የኤክሴል ፋይሉ ራሱ ከተገኘማ ከሁሉም ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገኝም።

ከመተየብ በፊት ሠንጠረዡን አንብቡት

ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ምስል ማርክዳውን የማይችላቸው ሦስት ነገሮች ነበሩበት።

አንደኛ፣ ርዕሱ ሁለት ፎቅ ነበር። ከላይ «ብዛት በኩንታል» የሚል አንድ ሰፊ ሳጥን፣ ከሥሩ «የገባ»፣ «የወጣ»፣ «ቀሪ»። ማርክዳውን አንድ የርዕስ ረድፍ ብቻ ስለሚቀበል መለኪያውን ወደ እያንዳንዱ አምድ ማውረድ ግድ ነው፦ «የገባ (ኩንታል)» እያሉ።

ሁለተኛ፣ «ቡሬ» የሚለው ሳጥን ሁለት ረድፍ ይዞ ተዋህዷል፤ «ፍኖተ ሰላም»ም እንደዚያው። የተዋሃደ ሳጥን ማርክዳውን አያውቅም። ሁለተኛውን ረድፍ ባዶ ከመተው ስሙን ደግማችሁ ጻፉት። ባዶ ከተተወ፣ ረድፉን ብቻውን ያየ ሰው ጤፉ የየትኛው መጋዘን እንደሆነ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ የስንዴው ረድፍ ቢጫ ተቀብቷል፤ «የወጣ» የሚለው ቦታም ሰረዝ ብቻ ነበረበት። ቀለም ወደ ማርክዳውን አይሻገርም፤ ትርጉሙ ግን መሻገር አለበት። ሰረዙ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ ኤክሴል Accounting በሚባለው የቁጥር ቅርጽ ዜሮን በሰረዝ ነው የሚያሳየው። ከምስሉ ብቻ «ምንም አልወጣም» ይሁን «አልታወቀም» መለየት አይቻልም። ስለዚህ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ስንዴው ላይ ያለው ቢጫና ሰረዙ ምንድን ነው?»

«ቢጫው ገና ያልተጣራ ነው ልጄ። የወጪ ደረሰኙ ከፍኖተ ሰላም አልመጣም፤ ሒሳቡ እንዲያልፍልኝ ዜሮ አስገብቼ ነው።»

ዜሮ ብዬ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሰነዱ ውሸት ይናገር ነበር። ሰረዙን እንደ ሰረዝ አቆይቼ «ማስታወሻ» የሚል አምድ ጨመርኩ።

አጽሙን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ሥሩ

የአምዶቹ ቁጥር ስድስት ከሆነ በየረድፉ ሰባት ቋሚ መስመር ይኖራል። ከርዕሱ ቀጥሎ የሚመጣው የሰረዝ ረድፍ ሠንጠረዡን ሠንጠረዥ የሚያደርገው እሱ ነው፤ በሰረዞቹ መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብ ሲጨመር ቁጥሮቹ ወደ ቀኝ ይሰለፋሉ።

```
| መጋዘን | ሰብል | የገባ (ኩንታል) | የወጣ (ኩንታል) | ቀሪ (ኩንታል) | ማስታወሻ |
|---|---|---:|---:|---:|---|
| ቡሬ | በቆሎ | 412 | 380 | 32 | |
| ቡሬ | ጤፍ | 168 | 120 | 48 | |
| ፍኖተ ሰላም | በቆሎ | 355.5 | 290 | 65.5 | |
| ፍኖተ ሰላም | ስንዴ | 96 | — | 96 | ወጪው አልተጣራም |
| **ድምር** | | **1031.5** | **790** | **241.5** | |
```

እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ደጋግመን የምንወድቅበት ቦታ ይህ የሰረዝ ረድፍ ነው። በብዙ የአማርኛ ኪቦርድ የሁለት ነጥቡ ቁልፍ የግዕዙን `፡` ያወጣል። ለዓይን ከ `:` ጋር አንድ ይመስላል፤ ማርክዳውን ግን አያውቀውም፤ ሠንጠረዡ በሙሉ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ሁሉን በትክክል ጽፋችሁ ሠንጠረዡ አልወጣ ካለ መጀመሪያ ይህን እዩ። ቀጥሎ የርዕሱና የሰረዙ ረድፍ እኩል አምድ እንዳላቸው ቁጠሩ፤ አንድ እንኳ ቢለያይ አይወጣም። ከሠንጠረዡ በላይም አንድ ባዶ መስመር ተዉ።

የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ስለሚሰፋ በመጻፊያው ላይ ቋሚ መስመሮቹ ቀጥ ብለው አይሰለፉም። በክፍተት ለማሰለፍ አትድከሙ፤ ሲታተም ራሱ ይስተካከላል።

ከታች ባሉት ረድፎች ግን ተጠንቀቁ። አንድ ረድፍ ቋሚ መስመር ቢጎድለው ጊትሃብ አያማርርም፤ መጨረሻውን ባዶ አድርጎ ያልፈዋል። ከርዕሱ በላይ ቢበዛ ደግሞ ትርፉን ሳይናገር ይጥለዋል። ለምሳሌ በድምሩ ረድፍ የሰብልን ባዶ ቦታ ብትረሱ 1031.5 ከሰብል ሥር ይገባል፣ ሌላውም ሁሉ አንድ ወደ ግራ ይንሸራተታል። በሳጥኑ ውስጥ ራሱ የቋሚ መስመር ምልክት ካለ፣ ለምሳሌ የሰብል ኮዱ `teff|white` ቢሆን፣ `teff\|white` ተብሎ ይጻፋል፤ በኮድ ምልክት ውስጥ ቢሆንም እንኳ።

በድምሩ ፈትሹት

ምስሉ ላይ ያለውን ድምር ዝም ብላችሁ አትገልብጡት፤ የጻፋችኋቸውን ቁጥሮች ራሳችሁ ደምራችሁ ከእሱ ጋር አስተያዩ። እኔ የቡሬውን ጤፍ መጀመሪያ 163 ብዬ ነበር የጻፍኩት። ስደምር 1026.5 መጣ፤ ምስሉ 1031.5 ይላል። ልዩነቱ 5 ነው፤ በ3 እና በ8 መካከል ያለውም 5 ነው። የትኛው ረድፍ እንደሆነ የነገረኝ ደግሞ ጎኑ ነው፦ 163 ሲቀነስ 120፣ 43 ይሆናል፤ ምስሉ ላይ ቀሪው 48 ነው። አምዱ ስህተት መኖሩን ነገረኝ፣ ረድፉ ቦታውን አሳየኝ።

ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ አሃዝ ተገላብጦባችሁ ይሆናል። 96ን 69 ብላችሁ ብትጽፉ 27 ይጎድላል። የ0.1 ልዩነት ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ ኤክሴል የሚያሳየው የተጠጋጋውን ቁጥር ሲሆን የሚደምረው ከጀርባ ያለውን ሙሉ ቁጥር ነው።

ድምር የማይፈትሸው ስሞቹን ነው። ሰነዱ ላይ ያለው የመጋዘን ስም ፕሮግራሙ ውስጥ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተ ሠላም» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ በአንዱ ፈልጎ ሌላውን አያገኝም። ምስሉ ላይ የተለየ አጻጻፍ ካለ የፕሮግራሙን ያዙ።

በመጨረሻ ከሠንጠረዡ ሥር የምስሉን ቀን በአንድ መስመር አስፍሩ፦ «ምንጭ፦ የመጋዘን መዝገብ ስክሪንሾት፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.»። ደረሰኙ ከፍኖተ ሰላም ሲመጣ ሰረዙን በቁጥር ተክታችሁ፣ የስንዴውን ቀሪና ሁለቱን ድምሮች አስተካክላችሁ፣ ማስታወሻውን ታጠፋላችሁ።