ጡረታን በባንክ መቀበል፦ አበሉ ሲቋረጥ የት ላይ እንደቆመ እንዴት ይታወቃል?

የጡረታ አበል ሒሳብዎ ውስጥ እስኪገባ በሁለት እጅ ያልፋል። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ የሚከፈላቸውን ሰዎች ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና የገንዘብ መጠን የያዘ የክፍያ ዝርዝር በየወሩ ያዘጋጃል። ባንኩ ደግሞ ዝርዝሩን ተቀብሎ ገንዘቡን በየሒሳቡ ያስገባል። አበል ሲቋረጥ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ዘንድ ቆሟል። የትኛው ዘንድ እንደሆነ ሳያውቁ ከቤት ከወጡ ባንኩ «ጡረታ ቢሮ ይጠይቁ»፣ ጡረታ ቢሮው ደግሞ «ባንክ ይጠይቁ» እያለ ሲያመላልስዎ ይውላል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ለጡረታ የሚከፈተው ሒሳብ በራስዎ ስም ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ የጋራ ሒሳብ የማይቀበሉ ከፋይ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ ባለጡረታው ካረፈ በኋላ በስህተት የገባውን ገንዘብ ሌላው ባለሒሳብ ሊያወጣው ይችላል። በባንኩ የተመዘገበው ስም ከጡረታ ማኅደሩ ጋር በፊደል ጭምር መመሳሰል አለበት። የሒሳብ ቁጥሩንም በቃል ወይም በእጅ ጽፈው አይስጡ፤ ባንኩ አትሞ በሚሰጥዎ ማስረጃ ላይ ካለው ይገልበጥ። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል፤ ሲብስም ሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

ባንክ የሚቀይሩ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ሒሳብ ላይ አንድ ወር ሙሉ ክፍያ ገብቶ እስኪያዩ የድሮውን አይዝጉት። የክፍያ ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ የሚዘጋው ከክፍያው ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያመለከቱት ለውጥ የሚሠራው ለቀጣዩ ወር ነው። የዚህ ወር ገንዘብ አሁንም ወደ ድሮው ሒሳብ ይሄዳል።

በሕይወት መኖርን ማረጋገጥ የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያስቀይማል፤ «ቆሜ እየሄድኩ አለህ ወይ ይሉኛል» የሚል አይጠፋም። ግን መሥሪያ ቤቱ ባለጡረታው ማረፉን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሰው ሲነግረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቶኪዮ ውስጥ 111 ዓመት ሞልቷቸዋል ተብለው ተመዝግበው የነበሩ ሰው፣ ባለሥልጣናት ቤታቸው ሲገቡ ከ30 ዓመት ገደማ በፊት ማረፋቸው ታውቋል። ካረፉ በኋላም በስማቸው ጡረታ ሲከፈል ነበር።

የማረጋገጫው ጊዜና መንገድ እንደ ከፋዩ ይለያያል። አንዳንዱ በዓመት አንዴ፣ አንዳንዱ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ይጠይቃል። ሕንድ ውስጥ የመንግሥት ባለጡረታዎች በየዓመቱ ኅዳር ላይ ማስረጃ ያቀርባሉ፤ በስልክ ካሜራ ፊትን በማሳየትም ይቻላል። ብሪታንያ ደግሞ ውጭ አገር ለሚኖሩ ባለጡረታዎቿ ቅጽ ትልካለች፤ በ16 ሳምንት ውስጥ ተሞልቶ ካልተመለሰ ክፍያው ሊታገድ ይችላል። የእርስዎን ቀነ ገደብ ከጎረቤት ሳይሆን ከራሱ ከከፋዩ ይጠይቁ፤ አንድ ባንክ ላይ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ከፋያቸው ከተለያየ ቀናቸውም ይለያያል።

በተግባር የሚያስቸግረው ግን ወረቀቱ በመሐል መቅረቱ ነው። ቅርንጫፉ መታወቂያዎን አይቶ፣ አስፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ ይሸኝዎታል፤ ማስረጃው ግን ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳይዙ ከመስኮቱ አይነሱ። ሁለት ሳምንት ቆይተውም ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውለው «ማረጋገጫዬ ተመዝግቧል ወይ?» ይበሉ። «ባንክ ሰጥቻለሁ» ማለት ብቻ ክፍያ አያስቀጥልም።

ውክልና ላይም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ወኪል ገንዘብ ሊያወጣልዎ ይችላል፤ በሕይወት መኖርዎን ግን እርሱ ቀርቦ ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ውክልናው ራሱ የሚጸናው ወካዩ በሕይወት እስካለ ድረስ ነውና። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ከሆነ ሠራተኛ ቤት ድረስ እንዲመጣ ይጠየቃል፤ ወይም ከፋዩ የሚቀበለው ባለሙያ፣ ለምሳሌ ሐኪም፣ ቅጹ ላይ ይፈርማል። ከአገር ውጭ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ዘንድ ይቀርባል።

አሁን አበሉ ቀረ እንበል። መጀመሪያ ከዚያው ከፋይ የሚቀበሉ ሌሎች ባለጡረታዎችን ይጠይቁ። የሁሉም ካልገባ መዘግየት ነው፤ ይጠብቁ። የእርስዎ ብቻ ከቀረ ባንክ ሄደው የሒሳብ መግለጫ ያውጡና ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ሒሳቤ ታግዷል ወይ? በዚህ ወር ስሜ በክፍያ ዝርዝሩ ውስጥ መጥቷል ወይ? መጥቶ ከሆነ ገንዘቡ ተመላሽ ሆኗል ወይ? ስምዎ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ያቆመው መሥሪያ ቤቱ ነው። ስምዎ ኖሮ ገንዘቡ ከተመለሰ ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ፣ የመታወቂያ መረጃው ሳይታደስ ቀርቶ ወይም ቁጥሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንከተል። አንዲት እናት በወር 4,000 ይከፈላቸዋል። ማረጋገጫ ማቅረብ በነበረባቸው ወር ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ቀኑ አለፈ፤ የሁለት ወር አበልም ቀረ። ልጃቸው ባንክ ሄዶ ሲጠይቅ ስማቸው በሁለቱም ወር ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ሄዶ «ታግዷል ወይስ ተሰርዟል?» አለ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የታገደ ክፍያ ማረጋገጫው ሲቀርብ ይለቀቃል፣ የተሰረዘ ግን እንደገና ማመልከት ሊጠይቅ ይችላል። የእናቱ የታገደ ነበር። ሐኪማቸው ቅጹን ፈረመ፤ ልጁ ከሆስፒታል ማስረጃና ከመታወቂያ ቅጂ ጋር አስገብቶ የገቢ ቁጥር ተቀበለ። ያስገባው በወሩ 25ኛው ቀን ሲሆን የወሩ ዝርዝር ግን 20ኛው ላይ ተዘግቶ ነበር፤ ስለዚህ የሦስተኛውም ወር አበል ሳይገባ ቀረ። ይህን ያላወቀ ሰው ማመልከቻው ውድቅ የሆነ መስሎት ደግሞ አዲስ ያስገባል፤ ሁለት ማመልከቻ ደግሞ ጉዳዩን ያጓትታል። በአራተኛው ወር 16,000 ገባላቸው፤ የሦስት ወር ውዝፍ 12,000 እና የወሩ 4,000።

ውዝፉ ሲገባ እንዲህ ቆጥረው ያመሳክሩ። ከጎደለ የቀረውን ወር ለይተው በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ ከፋዮች ወደ ኋላ ተመልሰው የሚከፍሉበት የጊዜ ገደብ ስላላቸው ጥያቄው አይደር።

አበል በቆመበት ሰሞን «ጡረታዎን ላስቀጥልልዎ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ብሎ የሚደውል አይጠፋም። አበል ለማስቀጠል የባንክ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በአጭር መልእክት የሚላክ ኮድ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ስልኩን ዘግተው በሚያውቁት ቁጥር ራስዎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይደውሉ።