ያልተነገረን የኤአይ ጽሑፍ እንዴት እንደምንለይ

ፍሪላንሰሮች ከሚልኩልን ጽሑፎች ውስጥ ሳይነገረን በኤአይ የተጻፉትን መለየት አስቸግሮን ነበር። መመርመሪያ ሶፍትዌሮቹ አላዋጡንም። የሰው ሥራን «የማሽን ነው» ይላሉ፤ ትንሽ የተነካካ የማሽን ጽሑፍ ደግሞ ያልፋቸዋል። በዚያ ውጤት ሰው መወንጀል ነውር ነው።

አሁን የምጀምረው ከጥቅሶቹ ነው። በቅርቡ ስለ ሌሊት ተረኛ ነርሶች አንድ ጽሑፍ መጣ። ሦስት ነርሶች ይናገራሉ፤ ሦስቱም ግን በአንድ አፍ የሚያወሩ ይመስላሉ። የሚሠሩበት ክፍል እንኳ አልተጠቀሰም። ጸሐፊውን የቃለ መጠይቁን ድምፅና የረቂቁን የለውጥ ታሪክ ጠየቅሁት። ድምፁ አልመጣም። የለውጥ ታሪኩ ጽሑፉ ባንዴ እንደተለጠፈ አሳየ። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሌላ ቦታ ጽፎ የሚለጥፍ ሞልቷል። ስለዚህ «ከአንዷ ነርስ ጋር በስልክ አገናኘኝ» አልኩት። ያኔ ጥቅሶቹን ኤአይ እንደጻፈለት ነገረኝ። ጽሑፉን መለስኩለት።

ከዚያ ወዲህ መላኪያ ቅጹ ላይ ኤአይ ለምን ሥራ እንደዋለ እንጠይቃለን። ለፊደል እርማት ከሆነ ግድ የለንም። የተናጋሪዎቹን ስልክ ግን ከጽሑፉ ጋር እንቀበላለን። ለልብ ወለድ ይህ አይሠራም፤ የሚደወልለት ሰው የለማ! እዚያ የቀደሙ ረቂቆችን አይተን ከጸሐፊው ጋር እናወራለን።