ትኬት ቆርጠው ሥራ ካገኙ፣ ሳይፈርሙ ይናገሩ

አዲስ ሥራ አገኛችሁ እንበል። ግን ለእህታችሁ ሰርግ ዱባይ የምትሄዱበት ትኬት ቀድሞ ተቆርጧል። መቼ ነው የሚነገረው? ቃለ መጠይቁ ላይ ገና ነው፤ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ረፍዷል። ትክክለኛው ሰዓት «ተቀብለንሃል» ተብሎ ውሉ ሳይፈረም ያለው ነው።

ምክንያቱም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው የዓመት ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ዓመት ከተሠራ በኋላ ነው። በሙከራ ጊዜ ደግሞ ቀሪ መሆን አደገኛ ነው። ስለዚህ ያለ ክፍያ እንደሚሆን አስባችሁ ጠይቁ።

እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ስለ ሰጣችሁኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ። ከመፈረሜ በፊት ላሳውቃችሁ የምፈልገው ነገር አለ። ከጥር 18 እስከ 27 ቀደም ብሎ ትኬት የተቆረጠለት የቤተሰብ ጉዞ አለኝ። ቀኖቹን ያለ ክፍያ ፈቃድ ብትይዙልኝ፣ ካልሆነም ከጥር 28 ጀምሮ ሥራ ብጀምር ደስ ይለኛል። ለእናንተ የሚመቸውን ብትነግሩኝ።»

ይቅርታ ማብዛት አያስፈልግም፣ የሰርጉን ዝርዝርም ማንም አይጠይቅም። ቁርጥ ያለ ቀንና ሁለት አማራጭ ይበቃል። በስልክ «ችግር የለም» ቢሏችሁም፣ የተስማማችሁበትን ቀን በኢሜይል ላኩላቸው። የተስማማው አለቃ ነገ ሊቀየር ይችላል።